ቪዲዮዬ አልሄደም፤ ላጥፋው?

«ቲክቶክ ላይ የለቀቅኩት ቪዲዮ በሁለት ቀን 340 ሰው ብቻ ነው ያየው። ሌላ ጊዜ 2,000 ይደርስ ነበር። ላጥፋው እንዴ?»

ጠያቂዋ ሐዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ ትንሽ ዓሣ ቤት ያላት ጓደኛዬ ናት። መካሪ አላጣችም። የሰማችውን ሁሉ ይዛልኝ መጣች፤ እኛም አንድ በአንድ አየነው።

«ሰው ካላየው ዓሣሽ አልማረከውም ማለት ነው»

ከ340 ይህን ማንበብ አይቻልም። ቪዲዮው ምን ያህል ታየ ከማለት በፊት፣ የከፈተው ሰው የት ላይ ጥሎት ሄደ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቲክቶክ ይህን በመስመር ያሳያል። ቪዲዮዋ 48 ሰከንድ ነው፤ በአማካይ የታየው ግን 5 ሰከንድ። መስመሩ 3ኛው ሰከንድ ላይ ቁልቁል ይወርዳል።

እዚያ ምን አለ? ሐይቁ። አባ ኮዳዎቹ። የቤቱ ስም በትልቁ። ያምራል፣ አልክድም። ግን የሐዋሳ ሰው ሐይቁንም አባ ኮዳውንም በነጋ በጠባ ያያል። ዓሣው ዘይት ውስጥ የሚገባው 9ኛው ሰከንድ ላይ ነው። አብዛኛው ተመልካች ዓሣው ጋ ሳይደርስ ነው የሄደው። ያላየውን እንዴት ይጠላል?

ያንኑ ቀረጻ እንደገና ቆረጥነው። ዘይቱ ሲንጨረጨር ይጀምራል፤ ዋጋው 2ኛው ሰከንድ ላይ ይወጣል፤ ሁሉም በ19 ሰከንድ ያልቃል። ከሳምንት በኋላ ለቀቀችው፤ 1,900 ሰው አየው። ጉድ የሚያሰኝ አይደለም፤ ወደ ለመደችው ተመለሰች።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ርዝመቱ ስለተለወጠ የሁለቱን አማካይ ማወዳደር ያሳስታል። እኛ ያየነው 5ኛው ሰከንድ ላይ ስንት ሰው እንደቀረ ነው። በመጀመሪያው ከ100 ሰው 22 ቀርቶ ነበር፤ በሁለተኛው 51። ይህም ቢሆን የአንድ ቀን ዕድል ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ቪዲዮ በዚሁ አጀማመር ሳትሞክር «አገኘሁት» እንዳትል ነገርኳት።

«ቀኑ ነው። ፊቼ ጫምባላላ ላይ ማን ቪዲዮ ያያል?»

ትንሽ እውነት አለው። የዚያን ቀን ሰው ጉዱማሌ ነው የሚውለው፤ የሁሉም ስልክ በበዓሉ ቪዲዮ ይሞላል። ቀኑ ቪዲዮው ለጥቂት ሰው እንዲደርስ ሊያደርግ ይችላል። የደረሰው ሰው 3ኛው ሰከንድ ላይ ለምን እንደሄደ ግን አያስረዳም።

«ያልሄደ ቪዲዮ አካውንቱን ይጎትተዋል፤ ቶሎ አጥፊው»

ቲክቶክ በ2020 አሠራሩን ሲያብራራ፣ የተከታይ ብዛትም ሆነ ከዚህ በፊት ብዙ የታየ ቪዲዮ መኖሩ ቀጥተኛ መለኪያ አይደሉም ብሎ ነበር። እያንዳንዱ ቪዲዮ በአብዛኛው በራሱ ነው የሚሮጠው። አንዳንዱም ከቀናት በኋላ ይነሳል።

ከሁሉም በላይ ቪዲዮው ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። በሁለተኛው ቀን አጥፍታው ቢሆን ያቺን 22 ከየት እናመጣት ነበር? በጣም ካፈረችበት ለራሷ ብቻ እንዲታይ ታደርገዋለች፤ ሌላ ሰው አያየውም፣ ለእሷ ግን ይቆያል። እሷ እንዲያውም እንዳለ ተወችው።

«ማጥፋት ሽንፈት ነው። የለቀቅሽውን አትንኪ»

ይሄኛው ደግሞ በተቃራኒው ያስቸግራል። ወር ቀደም ብሎ አንድ ቪዲዮዋ 3,000 ሰው አይቶት ነበር። ላዩ ላይ የተጻፈው ስልክ አንድ ቁጥሩ ተሳስቷል። አንድ ምንም የማያውቅ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ «ጉላሽ አለ?» ሲባል ዋለ። ቪዲዮ ላይ የተጻፈ ቁጥር ከተለቀቀ በኋላ አይታረምም። ከዚያ በፊት እንደዚያ የሄደላት ባይኖርም፣ መጥፋት ነበረበት።

ሳይጠየቅ የተቀረጸ ደንበኛ፣ በተለይ የልጅ ፊት፣ እንደዚሁ ነው። ስንት ሰው አየው የሚለው እዚህ ውስጥ አይገባም።

ችግሩ፣ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ያንኑ ቪዲዮ ቴሌግራም ቻናሏ ላይም ለጥፋው ነበር። ከቻናሉ ብታጠፋውም ሰዎች ወደየግሩፑ የላኩት ኮፒ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቀድማ ትክክለኛውን ቁጥር የያዘ አዲስ ፖስት አወጣች፤ «የቀድሞው ቁጥር ስህተት ነው፣ እባካችሁ አትደውሉበት» ብላ። ከዚያ አሮጌውን ከሁለቱም ቦታ አጠፋች።

ለባለ ስልኩም ደውላ ይቅርታ ጠየቀች። ሰውየው ቅዳሜ ከነቤተሰቡ መጥቶ ለብለብ አዘዘ። ሒሳብ አልተቀበለችውም።