አምላክ አዘል ስም ምንድን ነው?

በትንቢተ ዳንኤል ውስጥ ሦስቱ ወጣቶች ባቢሎን ሲደርሱ አዲስ ስም ይወጣላቸዋል። አናንያ ሲድራቅ ይባላል፣ ሚሳኤል ሚሳቅ፣ አዛርያ ደግሞ አብደናጎ። ስም ለመቀየር ብቻ አልነበረም። የቀድሞ ስሞቻቸው የእስራኤልን አምላክ ይጠራሉ። እንዲህ የአምላክን መጠሪያ በውስጡ የያዘ ስም አምላክ አዘል ስም ነው።

አዛርያን እንፍታው። «አዛር» ረዳ ማለት ነው፤ «ያ» የእግዚአብሔር የዕብራይስጥ ስም የያህዌ አጭር መልክ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «ያህዌ ረዳ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ። በ«ያ» ቦታ ኤልን ከፊት ብናስገባ አልዓዛርን እናገኛለን፤ ትርጉሙም «አምላክ ረዳ» ነው። ኤልያስ ላይ ደግሞ ሁለቱም አሉ፦ «አምላኬ ያህዌ ነው»። መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» የግሪክኛ ጭማሪ ናት።

አብደናጎ የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። «አብድ» አገልጋይ ነው። «ናጎ» ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት የባቢሎኑ ጣዖት የናቡ ስም ተበላሽቶ የተጻፈበት ነው። ስለዚህ «የናቡ አገልጋይ» ሆነ ማለት ነው። የንጉሡ የናቡከደነፆር ስምም የሚጀምረው በዚሁ ጣዖት ነው፦ «ናቡ ሆይ፣ ወራሼን ጠብቅ»።

ይህ «አብድ» ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዓረብኛው አብዱላህ ውስጥ ያለው ራሱ ነው። በእስልምና «አብድ» ከአላህ ስም ወይም ከመለኮታዊ መጠሪያዎቹ ጋር ይያያዛል፦ አብዱልከሪም «የቸሩ አገልጋይ»፣ አብዱረህማን «የአዛኙ አገልጋይ»። ግዕዙም በዚያው መንገድ ይሄዳል። «ገብር» ሲያያዝ «ገብረ» ይሆንና ገብረ እግዚአብሔር፣ ገብረ ሥላሴ ይወጣል። ለሴት «አመተ» ወይም «ወለተ» ነው።

እንዲህ የተያያዘ ስም ሲቆረጥ ችግር አለው። ውጭ አገር ፎርም ላይ «አብዱል» አንድ ሳጥን ውስጥ፣ «ከሪም» ሌላው ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው «የ... አገልጋይ» ብሎ ይንጠለጠላል። ገብረና ሥላሴም ሲለያዩ እንደዚያው ነው። በሰፈር ግን «አብዱ» እና «ገብሬ» ብለን አሳጥረን እንጠራለን፤ ማንም አይቸገርም።

በኦሮምኛ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ይመለሳል፦ ዋቅጅራ «ዋቃ አለ» ማለት ነው።

በ«ኤል» የሚያልቅ የመሰለን ሁሉ ግን አምላክ አዘል አይደለም። ራሔል በዕብራይስጥ እንስት በግ ናት፤ ኤል የለባትም። ፊደላችን ራሱ ይረዳል፦ ሚካኤልና ዳንኤል በ«ኤ» ሲጻፉ፣ ራሔል በ«ሔ» ነው የምትጻፈው።