እንግሊዝኛ ስንጽፍ ባለቤቱ የት ይጠፋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አማርኛ ተናጋሪዎች በእንግሊዝኛ የጻፉትን ማረም ከጀመርኩ ቆየሁ። ስህተቶቹ ይደጋገማሉ። ለስህተቶቹ የሚሰጠው ምክንያትም እንዲሁ ይደጋገማል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ራሱ የተሳሳተ ነው። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በራሳችን ፊደል ነው የምጽፈው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ስህተቱ በጆሮም ይያዛል።

«አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ እንግሊዝኛ ስንናገርም ግሱ መጨረሻ ላይ ይሄድብናል።»

«አይ ብሬድ ኤት» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም ማለት ይቻላል። ግሱ መሀል እንደሚገባ ማንም ጀማሪ ቶሎ ይይዘዋል፤ በየዓረፍተ ነገሩ ስለሚሰማው አይስተውም።

የግሱ መጨረሻ መሆን ጣጣው ሌላ ቦታ ነው የሚወጣው፤ ሁለት ሐሳብ ሲጋጠም። «ምንም እንኳ ቢደክመውም ሥራውን ጨረሰ» የሚለውን ተመልከቱ። ሁለቱን ሐሳብ የሚያያይዘው «ቢ» እና «ም» ግሱ ላይ ተለጥፏል። ግሱ ደግሞ የመጀመሪያው ሐሳብ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ማያያዣው በትክክል መጋጠሚያው ላይ ይወድቃል። በእንግሊዝኛ ግን «ኦልዞው» ከፊት ቆሞ ይቀራል፤ መጋጠሚያው ላይ ያለው ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው። ለአማርኛ ጆሮ ይህ ባዶ ቦታ ነው። ባዶውን ለመሙላት «በት» እንጨምራለን፦ «ኦልዞው ሂ ዋዝ ታየርድ፣ በት ሂ ፊኒሽድ ዘ ወርክ።» አንዱ መውጣት አለበት። ወይ «ኦልዞው» ይቅር፣ ወይ «በት»።

«አማርኛ ባለቤት አያስፈልገውም፣ እንግሊዝኛ ግን ያስፈልገዋል።»

በላሁ፣ በላህ፣ በላሽ፣ በላ፣ በላች፣ በላን፣ በላችሁ፣ በሉ። ስምንት ቅርጽ ነው። እያንዳንዱ ማን እንደበላ ይናገራል። የእንግሊዝኛው «ኤት» ግን ለሁሉም አንድ ነው። እኛ ባለቤቱን ግሱ ጭራ ላይ እናስራለን፤ እነሱ ከግሱ በስተግራ ለብቻው ያቆሙታል። አማርኛ ላይ «እሷ» ወይም «እኔ» ብለን ለብቻው የምንጠራው በአብዛኛው ልናነጻጽር ወይም ልናጎላ ስንፈልግ ነው፤ «እኔ በልቻለሁ፣ አንተስ?» እንደምንለው።

የጠፋውን ባለቤት ለማግኘት ደግሞ የት እንደሚጠፋ ማወቅ ይረዳል። እንዲህ የሚል መልእክት ለመጻፍ ያሰበ ሰው እናስብ፦

«እህቴ ትናንት ደወለችልኝ። ፈተናውን ስላለፈች በጣም ደስ ብሏታል። በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች። ዝናብ ካልሆነ አብረን እንወጣለን።»

ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ይህን ይመስላል፦

«ማይ ሲስተር ኮልድ ሚ የስተርደይ። ቢኮዝ ፓስድ ዘ ኤግዛም፣ ኢዝ ቬሪ ሃፒ። ዊል ካም ኔክስት ዊክ። ኢፍ ኢዝ ኖት ሬይኒንግ፣ ዊ ዊል ጎ አውት ቱጌዘር።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምንም አይወጣለትም። «ማይ ሲስተር» አለች፤ አዲስ ሰው ስለሆነች በአማርኛም በስሟ ተጠርታለች። የመጨረሻው «ዊ» እንዲሁ አልጠፋም፤ ወሬው ከእሷ ወደ እኛ ስለዞረ ጸሐፊው መጥራት እንዳለበት ተሰምቶታል። የጠፋው መሀል ላይ ነው። ወሬው ስለዚያችው እህት ሲቀጥል ሦስት «ሺ» ተበልተዋል፦ ከ«ቢኮዝ» በኋላ፣ ከ«ኢዝ» በፊት፣ ከ«ዊል» በፊት። አማርኛው «ስላለፈች» እና «ትመጣለች» ብሎ ጨርሶታል። «ደስ ብሏታል» ላይማ ነገሩ ይብሳል። እዚያ እሷ እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ ተሳቢ ነው የተጠቀሰችው፤ እንግሊዝኛው ግን ባለቤት ያደርጋታል።

አራተኛው ጉድለት ዝናቡ ጋ ነው፤ «ኢት» የለም። መሸ፣ ነጋ፣ በረደ፣ ይሻላል፣ ይመስለኛል። እነዚህ ቃላት ለብቻቸው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ። ማን መሸ? ማን በረደ? ማንም አይጠይቅም። እንግሊዝኛ ግን መልስ ባይኖርም ወንበሩ ባዶ እንዲሆን አይፈቅድም፤ «ኢት» የሚባል ምንም የማይሠራ ሰው ያስቀምጥበታል። «ኢዝ ቤተር ቱ ዌይት» የሚለው የኛ ስህተት ከ«መጠበቅ ይሻላል» ነው የተወለደው።

ማረሚያው ቀላል ነው። ከተራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እያንዳንዱ ግስ ላይ ጣታችሁን አድርጉና ወደ ግራ እዩ። ትእዛዝ ካልሆነና ከ«ቱ» ቀጥሎ የመጣ ግስ ካልሆነ በስተቀር እዚያ የሚቆም ባለቤት መኖር አለበት። ከ«ኤንድ» በኋላ ያው ባለቤት ከቀጠለ መተው ይቻላል፤ «ሺ ኬም ኤንድ ሳት ዳውን» ልክ ነው። ከ«ቢኮዝ»፣ ከ«ዌን» እና ከ«ኢፍ» በኋላ ግን አትተዉት።

«እንግዲያው ግስ ባየሁ ቁጥር ሂ ወይም ሺ ብጨምር ይበቃል።»

ይህን ምክር የሰማ ሰው ደግሞ «ማይ ብራዘር ሂ ኬም» ብሎ ይመጣል። አያስደንቅም። «እህቴ መጣች» ስንል እህቴም አለች፣ «ች»ም አለች። «ች» ማለት «ሺ» ነው ብሎ የተማረ ሰው ሁለቱንም ቢጽፍ አማርኛውን በታማኝነት ገለበጠ እንጂ አላጠፋም። ግን እንግሊዝኛው የአንድ ሰው ወንበር ነው። «ማይ ብራዘር» ከተቀመጠበት «ሂ» ቦታ የለውም። ስህተቱ በተለይ ባለቤቱና ግሱ ሲራራቁ ይበረታል፦ «ዘ ማን ሁ ወርክስ ዊዝ አስ ሂ ኢዝ ሲክ።» ጸሐፊው ግሱ ጋ ሲደርስ ባለቤቱን ረስቶታል፤ ስለዚህ ደግሞ ይጠራዋል።

የዚህ ስህተት ታናሽ ወንድም ተሳቢው ላይ አለ። «የገዛሁት መጽሐፍ» ውስጥ «ሁ» እኔን፣ «ት» መጽሐፉን ያመለክታል። ይህቺ «ት» ናት «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት» ላይ «ኢት» ሆና የምትወጣው። «የተኛሁበት አልጋ» ላይ ደግሞ «በት» ሁለት ነገር ይዟል። እንግሊዝኛ ግማሹን ይወስዳል፣ ግማሹን ይጥላል፦ «ዘ ቤድ አይ ስሌፕት ኦን»። «ኦን» ይቀራል፣ «ኢት» ይወጣል።

«አማርኛ ግሱ በየሰዉ ስለሚለዋወጥ፣ የሂ ጎዝ «ዝ» ሊከብደን አይገባም ነበር።»

እንዲያውም ልምዱ ሊያሳስተን ይችላል። የኛ ጭራ ሥራ አለው፤ ባይኖር ማን እንደመጣ አይታወቅም። የእንግሊዝኛው ድምፅ ግን ምንም አዲስ ነገር አይናገርም፤ «ሂ» ቀድሞ ተናግሮታል። ጆሮ ደግሞ ሥራ የሌለውን ነገር ይዘላል። ይህ ግን አማርኛ ላይ ብቻ የሚለጠፍ ጥፋት አይደለም። አፋቸውን በሌላ ቋንቋ የፈቱ ተማሪዎችም በብዛት ይረሱታል።

«ሥራውን ጨርሰን አለቃው ከፈለን የሚለውን ቃል በቃል ብገለብጠው ምን ችግር አለው?»

እኔ በጣም የምወደው ስህተት ይህ ነው፤ ጎበዞቹም ይወድቁበታል። «ፊኒሺንግ ዘ ወርክ፣ ዘ ቦስ ፔይድ አስ።» ቃሉ ሁሉ ትክክል ነው። ግን እንግሊዝኛ አንባቢ ሥራውን የጨረሰው አለቃው ነው ብሎ ይረዳል።

አማርኛ ላይ ይህ ውዥንብር አይነሳም። «ጨርሰን» ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ለብቻው ዓረፍተ ነገር አያስርም። ሆኖም ጭራ አለው። ጨርሼ ካልኩ እኔ፣ ጨርሶ ካልኩ እሱ፣ ጨርሳ ካልኩ እሷ፣ ጨርሰን ካልኩ እኛ ነን። ማሰሪያው «ከፈለን» የራሱን ባለቤት ይዟል፤ ቦዙም የራሱን። ሁለቱ ቢለያዩም ማንም አይምታታም። የእንግሊዝኛው «ፊኒሺንግ» ግን ጭራው ተቆርጧል። ማን እንደጨረሰ ስለማይናገር አንባቢው ባለቤቱን ከቀጣዩ ሐሳብ ይበደራል። ቀጥሎ የቆመው ደግሞ አለቃው ነው።

«በሩን ከፍቼ ስገባ ስልኩ ጠራ» የሚለውን በዚሁ መንገድ ገልብጡት። «ኦፕኒንግ ዘ ዶር፣ ዘ ፎን ራንግ» ይሆናል። ስልኩ በር ከፈተ!

መለያው እዚያው አማርኛው ውስጥ አለ። የቦዙንና የማሰሪያውን ጭራ አስተያዩ። «ከፍቼ» እኔ ነኝ፣ «ጠራ» እሱ ነው። ሲለያዩ «ኢንግ» አያስኬድም። ወይ «ዌን አይ ኦፕንድ ዘ ዶር፣ ዘ ፎን ራንግ» ብላችሁ ለሁለቱም ግስ የየራሱን ባለቤት ትሰጣላችሁ፤ ወይ «ኦፕኒንግ ዘ ዶር፣ አይ ኸርድ ዘ ፎን» ብላችሁ ማሰሪያውን ወደ «አይ» ታዞራላችሁ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሁለተኛው በረጅም ጽሑፍ ውስጥ ሲደጋገም ይሰለቻል። በነገራችን ላይ አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ሰዎችም በዚህ ይሳሳታሉ፤ ቋንቋቸው ማስጠንቀቂያውን ግሱ ላይ ስላልጻፈላቸው ነው።

ሁለቱ ጭራዎች ሲገጥሙስ? «ተነስቼ፣ ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ልብሴን ቀይሬ ወጣሁ።» ሁሉም እኔ ነኝ። አራቱን ቦዝ አራት «ኢንግ» ማድረግ ግን አይመከርም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያደረጋችሁት ያስመስለዋል። እንግሊዝኛ እዚህ ጋ እንዲህ ይላል፦ «አይ ጎት አፕ፣ ዋሽድ፣ ኤት ብሬክፋስት፣ ቼንጅድ ኤንድ ለፍት።» ቁጠሩት። አማርኛው «እኔ» የሚለውን አምስት ጊዜ ተናግሯል፤ ባለቤት ካልተቀመጠልኝ ብሎ የሚጨቃጨቀው እንግሊዝኛ ግን አንዴ «አይ» ብሎ አራቱን ትቷል።