ወካይ ያልሆነ ናሙና ምንድን ነው? 400 ሰው ተጠይቆም የሚያንስበት ጊዜ

ናሙና ማለት ሁሉንም ሰው መጠየቅ ስለማይቻል ከመካከላቸው ተመርጦ የሚጠየቀው ክፍል ነው። አነሰ ወይም አይወክልም የሚባለው፣ የተጠየቁት ሰዎች መልስ ስላልተጠየቁት ለመናገር አቅም ሲያጣ ነው። 12 ሰው ጠይቆ ስለ ከተማ የሚናገር ጥናት ማንንም አያታልልም። አስቸጋሪው ቁጥሩ በቂ መስሎ የሚታየው ነው።

የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ አንድ ምሳሌ እንፍጠር። አንድ የማስተርስ ተማሪ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችን የውሃ አቅርቦት ያጠናል እንበል። አማካሪው «ናሙናህን በምን አሰላኸው?» ማለታቸው አይቀርም፤ ተማሪውም በየመመረቂያ ጽሑፉ የምናገኘውን የያማኔን ቀመር ያቀርባል፦

```
n = N / (1 + N × e²)
```

n የሚጠየቁት ቤቶች ቁጥር፣ N የቤቶቹ ጠቅላላ ብዛት፣ e ደግሞ የምንታገሠው ስህተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 0.05 ይደረጋል። ቤቶቹ 10,000 ቢሆኑ 385 ይወጣል፣ 100,000 ቢሆኑ 398፣ አንድ ሚሊዮን ቢሆኑ 400። የመመረቂያ ጽሑፎች ናሙና ከ380 እስከ 400 ባለው ውስጥ የሚርመሰመሰው ለዚህ ነው። «ከሕዝቡ 10 በመቶ መጠየቅ ግዴታ ነው» የሚለው የተለመደ አባባል ልክ አለመሆኑም ከዚሁ ይታያል፤ ሕዝቡ መቶ እጥፍ ሲያድግ ናሙናው በ15 ብቻ ጨመረ።

ይሁን እንጂ ቀመሩ የሚሠራው እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው በዕጣ ከወጣ ነው። ይህን ቅድመ ሁኔታ የሚያነብ ጥቂት ነው። የእኛ ተማሪ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ማክሰኞ ጠዋት ይሄዳል፤ ለአስፋልቱ የሚቀርቡ 20 ብሎኮችን ይመርጣል፤ በየብሎኩ 20 ቤት እያንኳኳ 400 መጠይቅ ያስሞላል። ማጠቃለያው «ከነዋሪዎቹ 70 በመቶ በቂ ውሃ ያገኛሉ» የሚል ሆነ።

እዚህ ላይ ውሃ እንዴት እንደሚመጣ ማሰብ ያስፈልጋል። ለብሎኩ የሚደርሰው በአንድ መስመርና በአንድ ፈረቃ ነው። ምድር ቤት ያለችው እናት «ሰኞና ኀሙስ ይመጣል» ካሉ፣ በዚያው ደረጃ ያሉት ጎረቤቶቻቸውም ያንኑ ቀን ይጠራሉ። በእርግጥ አራተኛ ፎቅ ግፊቱ ስለሚደክም መልሱ ሙሉ በሙሉ አንድ አይሆንም፤ ያም ሆኖ ሃያኛው ሰው ከመጀመሪያው ሰው በላይ የሚጨምርልን ዕውቀት ትንሽ ነው። ስለዚህ 400 ሰው ተጠየቀ ማለት 400 ራሱን የቻለ መረጃ ተገኘ ማለት አይደለም።

ምን ያህል እንደተገኘ በግምት ማስላት ይቻላል። የጎረቤታሞች መልስ የሚመሳሰልበትን መጠን ከ0 እስከ 1 እንለካለን፤ 0 ፈጽሞ አለመመሳሰል፣ 1 ደግሞ ፍጹም አንድ መሆን ነው። ለውሃ ጉዳይ 0.5 ብንወስድና በየብሎኩ 20 ቤት መጠየቁን ብናስታውስ፣ መረጃው ስንት እጥፍ እንደሚሳሳ የሚነግረን ስሌት 1 + (20 − 1) × 0.5 = 10.5 ይሆናል። 400ን ለ10.5 ስናካፍል 38 ይወጣል። የተማሪው 400 መጠይቅ በዕጣ ከተመረጡ 38 ቤቶች የሚሻል መረጃ አልያዘም ማለት ነው። የስህተቱ ወሰን በግምት 1 ሲካፈል ለናሙናው ስኩዌር ሩት ነውና፣ ለ38 ወደ 16 የመቶኛ ነጥብ ይጠጋል። 70 በመቶ የተባለው ከ54 እስከ 86 ሊሆን ይችላል፤ «ግማሹ ብቻ ያገኛል» ከሚለውና «ከሞላ ጎደል ሁሉም ያገኛል» ከሚለው መካከል ለመለየት እንኳ አይበቃም።

ያንኑ 400 ሰው ከ100 ብሎክ፣ ከእያንዳንዱ አራት አራት ቤት እያወጣ ቢጠይቅስ? 1 + 3 × 0.5 = 2.5፤ 400 ለ2.5 ሲካፈል 160፤ የስህተቱ ወሰን 8 ነጥብ። የመጠይቁ ወረቀት አልጨመረም፣ የጨመረው የእግር ጉዞው ነው። የ2016ቱ (በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤቶቹን ከ645 የቆጠራ ቦታዎች፣ ከእያንዳንዱ 28 ያህል አድርጎ ያወጣውም በዚሁ ሂሳብ ነው፤ ጥቂት ወረዳዎችን አጥለቅልቆ መጠየቅ ርካሽ በሆነ ነበር።

ሁሉም ጥያቄ ግን እንደ ውሃ አይደለም። በዕጣ በተደለደሉ ቤቶች የጎረቤታሞች ዕድሜ ያን ያህል ላይመሳሰል ይችላል። መመሳሰሉ 0.05 ቢሆን እነዚያው 20 ብሎኮች 205 ያህል ነጻ መረጃ ይሰጣሉ። ስለዚህ አንድ ናሙና ለአንዱ ጥያቄ በቂ፣ በዚያው ጥናት ውስጥ ላለው ለሌላው ደግሞ እዚህ ግባ የማይባል ሊሆን ይችላል። አንባቢው በዘዴ ምዕራፉ ውስጥ መፈለግ ያለበት የሰዎቹን ቁጥር ሳይሆን የቦታዎቹን ቁጥር ነው። ውጤቱ በየብሎኩ ተዘርዝሮ ከሆነ ደግሞ አንዱ ብሎክ ሙሉ በሙሉ «አዎ»፣ ጎረቤቱ ሙሉ በሙሉ «የለም» ማለቱን ይመልከት።

ሁለተኛው ጉድለት ከቁጥር ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ማክሰኞ ጠዋት በር የሚከፍተው ማን ነው? ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የአውቶቡስ ሰልፍ የያዘው ሠራተኛ አይደለም። ውሃው ቀን ቢመጣ ቤት ያለው ሰው በርሜሉን ይሞላል፤ ማታ የሚገባው ደረቅ ቧንቧ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በጠዋት መጠየቅ «በቂ ውሃ አለ» የሚለውን መልስ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ 4,000 ሰው ቢጠየቅም ያው ነው። ተማሪው ከቤት ቤት መሄዱን ትቶ የቤት ባለቤቶችን ስም ዝርዝር ቢጠቀምም ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል፤ አከራይቶ ሌላ ሰፈር የሚኖረው ባለቤት ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ባልዲ የሚያመላልሰው ተከራይ የለም።

ብዛት ይህን እንደማይፈውስ የታየው በጎርጎሮሳውያን 1936 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ በተሰበሰበ ስም 10 ሚሊዮን ያህል ካርድ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ አገኘና ዕጩው ላንደን ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። ስልክና መኪና ከሌለው አብዛኛው አልተጠየቀም፤ ከተጠየቁትም አብዛኞቹ አልመለሱም።

ይህን ዓይነቱን ጉድለት የሚያጋልጠው ብዙዎቻችን የምንዘልለው የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ነው፤ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ባለቤት ወይስ ተከራይ የሚለው። ከተጠየቁት ውስጥ ሦስት አራተኛው ሴቶች ከሆኑና ተቀጣሪ የሚባል ከጠፋ፣ መጠይቁ የተሞላበትን ሰዓት ሳይነገረን እናውቀዋለን። ስንት በር ተንኳኩቶ ስንቱ እንዳልተከፈተ የማይናገር ጥናትም ጥርጣሬ ይገባዋል። «የምላሽ መጠን 100 በመቶ» የሚል ሳይ እኔ በግሌ የበለጠ እጠራጠራለሁ፤ ያልተከፈተው በር በሌላ በር ተተክቷል ማለት ነውና።

ትንሽ ናሙና ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። ችግር መኖሩን ለማሳየት ጥቂት ሰው ይበቃል፤ አምስት ቤት ሄዶ በአምስቱም ሮቶው ባዶ መሆኑን ያየ ሰው ችግሩ አለ ቢል ትክክል ነው፣ ስንት ቤት ላይ እንዳለ ግን መናገር አይችልም። የለም ለማለት ሲሆን መለኪያው ይጠብቃል። በዕጣ ከወጡ 60 ቤቶች አንድም የታይፎይድ ሕመምተኛ ካልተገኘ፣ በስታቲስቲክስ በተለመደው የሦስት ሕግ 3ን ለ60 አካፍሎ እስከ 5 በመቶ ድረስ ሊኖር እንደሚችል መቀበል ግድ ነው፤ 10,000 ቤት ባለበት ሳይት ይህ እስከ 500 ቤት ማለት ነው።