«አይ አም ኖዊንግ» ለምን አይባልም? ስቴቲቭ ቨርብ ምንድን ነው?

አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ኪሱን ይዳብሳል። ቦርሳውን ከፍቶ ይበረብራል። «ምን እያደረግህ ነው?» ሲሉት «ቁልፍ እየፈለግኩ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ መስኮት ላይ ጠጋ ብሎ «የ3 ቁጥርን ቁልፍ እፈልጋለሁ» ይላል። ይሄኛው ጣቱን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ግሱ ግን ያው «ፈለገ» ነው። «እየ» ስትገባበት ፍለጋ ሆነ፣ ስትወጣለት ፍላጎት ሆኖ ቀረ።

እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ሁለት የተለያዩ ግሶች አሉት። ፍለጋው «ሉክ ፎር» ነው፣ ፍላጎቱ «ዎንት»። ኪሱን የሚዳብሰው ሰው «አይ አም ሉኪንግ ፎር ማይ ኪ» ይላል። መስኮቱ ላይ የቆመው ግን «አይ ዎንት ማይ ኪ» ይላል እንጂ «አይ አም ዎንቲንግ ማይ ኪ» አይልም። እንደ «ዎንት» ያሉት፣ ኮንቲኒውየስ ሲመጣ አሻፈረኝ የሚሉት ግሶች ስቴቲቭ ቨርብ ይባላሉ። በአማርኛ የሁኔታ ግስ ብንላቸው ያስኬዳል። «ኖው»፣ «ቢሊቭ»፣ «አንደርስታንድ»፣ «ኒድ»፣ «ቢሎንግ» ሁሉም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው።

ብዙዎቻችን ይህን የተማርነው በዝርዝር ነው። መምህሩ ሃያ ምናምን ግስ ሰሌዳ ላይ ይጽፍና «እነዚህ ኢንግ አይወስዱም» ብሎ ያልፋል። እኔም ሸምድጄ ነበር። ከዚያ «አይ አም ሃቪንግ ላንች» ያለ ጓደኛዬን «ሃቭ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ተሳስተሃል» ብዬ ድርቅ አልኩበት። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ዝርዝር ምክንያት አይናገርም፣ ችግሩ እሱ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ኮንቲኒውየስ ምን እንደሚሠራ እንይ። ሥራው አንድ ድርጊት መሃል ላይ ማስገባት ነው። «ደብዳቤ እየጻፈች ነው» ስንል ጀምራለች፣ አልጨረሰችም፣ እኛ መሃሉ ላይ ደርሰናል። ይህ የሚሆነው ግን ድርጊቱ መሃል ሲኖረው ነው። ደብዳቤ መጻፍ አለው። ሰላምታው ይቀድማል፣ ጉዳዩ ይከተላል፣ ፊርማው መጨረሻ ነው።

አሁን ማወቅን እዩት። የአንድን ሰው ስም ታውቃላችሁ እንበል። ማወቃችሁ የት ደርሷል? ግማሽ ላይ ነው ወይስ ሊያልቅ ነው? ጥያቄው ራሱ ያስቃል። ከጠዋት እስከ ማታ ካወቃችሁት፣ የትኛዋንም ቅጽበት ብትመዙ እዚያች ውስጥ ያለው ያው ሙሉው ማወቅ ነው። ተኝታችሁም ታውቁታላችሁ። መራመድ እንዲህ አይደለም። እግር ተነስቶ እስኪያርፍ ጊዜ ይፈልጋል፣ በአንዲት ቅጽበት ውስጥ እርምጃ የለም። ማወቅ፣ መፈለግ፣ ማመን እንደ አንድ ወጥ ቀለም ናቸው። የትም ቦታ ብትቆርጧቸው ያው ናቸው።

ፈላስፋው ዜኖ ቬንድለር እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ግሶችን አራት ቦታ ከፈላቸው። እንደ መሮጥ ዝም ብሎ የሚቀጥል አለ። ክብ እንደ መሳል ማብቂያ ያለው አለ። ተራራ ጫፍ ላይ እንደ መድረስ በቅጽበት የሚሆን አለ። አራተኛው ሁኔታ ነው፣ ማወቅም እዚያ ነው ያለው። መለያው ቀላል ነው። «ምን እያደረግህ ነው?» ለሚል ጥያቄ «እየሮጥኩ ነው» መልስ ይሆናል። «እያወቅኩ ነው» ግን መልስ አይሆንም። በአማርኛም ቢሆን ሰሚው ግራ ይገባዋል።

በሌላ አነጋገር፣ ኮንቲኒውየስ ድርጊትን ለጊዜው ወደ ሁኔታ ይለውጠዋል። መጻፍ ድርጊት ነው፣ «እየጻፈች ነው» ግን ያለችበትን ሁኔታ ይነግረናል። «ኖው» ከመጀመሪያውም ሁኔታ ስለሆነ «ኢንግ» የሚሠራለት ሥራ የለም። የረጠበ ልብስ ላይ ውሃ እንደ መርጨት ነው። ለዚህም ነው «አሁን» ለማለት ሲምፕል ፕሬዘንቱ ብቻውን የሚበቃው። «አይ ኖው» ማለት አሁን አውቃለሁ ነው።

አንድ ነገር ግን አይምታታ። «ኖዊንግ» የሚባል ቃል የለም ማለት አይደለም። «ኖዊንግ ሂም፣ ሂ ዊል ቢ ሌት» ይባላል፤ እሱን እስከማውቀው ድረስ ይዘገያል እንደማለት ነው። እኛም «እያወቀ ዝም አለ» እንላለን። እንቢታው ከ«ቢ» ጋር ተጣምሮ ዋና ግስ ሲሆን ነው።

ተማሪ በብዛት የሚወድቅበትን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። «ከ2015 ጀምሮ አውቀዋለሁ» ማለት ይፈልጋል። ይጽፋል፦ «አይ አም ኖዊንግ ሂም ሲንስ 2015»። እዚህ ውስጥ ሁለት ስህተት አለ። «ሲንስ» ካለፈው እስከ አሁን የሚዘልቅ ጊዜ ስለሚናገር ፐርፌክት ይጠይቃል። ይህን ሲነግሩት ደግሞ «አይ ሃቭ ቢን ኖዊንግ ሂም» ብሎ ያርመዋል፣ ምክንያቱም «አይ ሃቭ ቢን ዌይቲንግ» ትክክል እንደሆነ ያውቃል። መጠበቅ ግን ድርጊት ነው፣ ማወቅ ሁኔታ ነው። ስለዚህ «ኢንግ»ዋ ትወጣና «አይ ሃቭ ኖውን ሂም ሲንስ 2015» ይሆናል።

ልጁ ማለት የፈለገው «ቀስ በቀስ እያወቅኩት ነው» ቢሆንስ? ያኔ ነገሩ ለውጥ ነው፣ ለውጥ ደግሞ መሃል አለው። እንግሊዝኛ ግን ለዚህም «ኖው»ን አይነካውም። ሌላ ግስ ይጨምርና «አይ አም ጌቲንግ ቱ ኖው ሂም» ይላል። ኮንቲኒውየሱ «ጌት» ላይ አረፈ፣ «ኖው» እንደቆመ ቀረ።

«ዎንት» ከ«ኖው» ይልቅ ለስለስ ይላል። «አይ ሃቭ ቢን ዎንቲንግ ቱ ቶክ ቱ ዩ» ብትሉ ማንም አይስቅባችሁም። «ላናግርህ ስፈልግ ከረምኩ» እንደማለት ነው፤ ፍላጎቱ እየመጣ እየሄደ፣ ሲገፋፋ የቆየ ይመስላል። እንቢታው በሁሉም ግስ ላይ እኩል አይጠነክርም። «ኖው» እና «ቢሎንግ» ድንጋይ ናቸው፣ «ዎንት» እና «ላቭ» ሲገፏቸው ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ።

ወደ ጓደኛዬ ምሳ እንመለስ። «ሃቭ» ሁለት ፊት አለው። «አይ ሃቭ ኤ ካር» ሲሆን «አለኝ» ነው፣ «አለኝ» ላይ ደግሞ በአማርኛም «እየ» ብንጨምር ትርጉሙ ይጠፋል። «ሃቭ ላንች» ግን መብላት ነው። አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ሳህኑ ይጎድላል፣ መሃል አለው። ስለዚህ «ሃቪንግ ላንች» ልክ ነው። ስቴቲቭ የሚሆነው ቃሉ ሳይሆን ትርጉሙ ነው። ዝርዝሩ ላይ ይህን የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ እኔና ጓደኛዬ ባልተጣላን።

«ቲንክ»ም እንዲሁ ነው። እዚህ አማርኛ በጣም ይረዳናል፣ ሁለቱን ለይቶ ያስቀምጣቸዋልና። «ይመስለኛል» የሚለው አቋም ነው፣ «እያሰብኩ ነው» የሚለው የአእምሮ ሥራ ነው። «ትክክል ነሽ ብዬ አስባለሁ» ለማለት «አይ ቲንክ ዩ አር ራይት»። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ዝም ላለ ሰው ግን «ሂ ኢዝ ቲንኪንግ»። ጥርጣሬ ሲገባችሁ «ቲንክ»ን በ«ይመስለኛል» ተኩት። ከተተካ «ኢንግ» አትጨምሩ።

ከሁሉ የሚገርመኝ «ቢ» ራሱ ነው። «ሂ ኢዝ ሩድ» ማለት ባለጌ ነው፣ ጠባዩ ነው። «ሂ ኢዝ ቢይንግ ሩድ» ሲሆን ግን ዛሬ፣ አሁን፣ እዚህ እየባለገ ነው ማለት ነው። ሰውየው ነገ ጨዋ ሊሆን ይችላል። ኮንቲኒውየሷ ሁኔታውን ወደ ድርጊት ጎተተችው። ይህ የሚሠራው ግን ሰው ሊቆጣጠረው በሚችለው ነገር ላይ ነው። «ሂ ኢዝ ቢይንግ ቶል» አይባልም፤ ለአንድ ቀን ብሎ የሚረዝም የለም።

«ታዲያ አይ አም ላቪንግ ኢት የሚል ማስታወቂያ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ዓለም ያወቀው የፈጣን ምግብ መፈክር ነው። ጆሮ የሚይዘውም ትንሽ ከደንቡ ወጣ ስላለ ነው። «ላቭ»ን ከቋሚ ስሜት አውጥቶ የዚህች ደቂቃ ደስታ አደረገው። በጨዋታ ላይ ይሠራል። ለሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ ግን አልመክርም።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የተለየ ወጥመድ አለ፣ እሱም በተቃራኒው በኩል ነው። በስልክ አንድ ሰው ስትገልጹ አስቡት። «ጥቁር ኮት ለብሷል፣ በሩ አጠገብ ቆሟል፣ መጽሐፍ ይዟል።» በአማርኛ እነዚህ ያለቁ ድርጊቶች ናቸው፣ የቀረው ውጤታቸው ነው። «እየለበሰ ነው» ብንል እጅጌው ውስጥ ክንዱን እየከተተ ነው ማለት ይሆናል። ስለዚህ እጃችን ወደ ፐርፌክት ይሄድና «ሂ ሃዝ ዎርን ኤ ብላክ ኮት» እንላለን። ይህ ግን እንግሊዝኛ ለሚሰማ ሰው «ጥቁር ኮት ለብሶ ያውቃል» ነው የሚመስለው።

እንግሊዝኛ እነዚህን የሚያያቸው ለጊዜው የተያዙ አድርጎ ነው። ኮቱ ይወልቃል፣ ሰውየው ይቀመጣል፣ መጽሐፉ ይቀመጣል። ስለዚህ ሦስቱም በ«ኢንግ» ናቸው፦ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስታንዲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ሆልዲንግ»። «እየለበሰ ነው» ለማለት ደግሞ ሌላ ግስ አለው፣ «ሂ ኢዝ ፑቲንግ ኦን»።

«ገብቶኛል»ም በዚሁ መንገድ ያስታል። በአማርኛ ያለቀ ነገር ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን ተራ «አይ አንደርስታንድ» ነው። «እየገባኝ ነው» ስትሉ ብቻ «አይ አም ስታርቲንግ ቱ አንደርስታንድ» ይሆናል።

እና ስልኩ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው፣ ኮቱንና መጽሐፉን ሰምቶ «እንዴ፣ አውቀዋለሁ!» ሲል፣ በእንግሊዝኛ «አይ ኖው ሂም!» ነው የሚለው።