ከጎን ወደ ብሽሽት የሚወርድ ሕመምና ደም የቀላቀለ ሽንት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ወገቤን ብርድ መታኝ፤ ብታሽ ይለቀኛል።»

ብርድ የመታው ወገብ ጎንበስ ቀና ሲሉ ይብሳል፤ ጋደም ሲሉ ቀለል ይላል። የኩላሊት ጠጠር ሕመም ግን ከጎድን አጥንት ሥር ድንገት ይነሳና በጎን በኩል ዞሮ ወደ ብሽሽት፣ በወንዶች እስከ ዘር ፍሬ ይወርዳል። ሰውየው ቢተኛም ቢነሳም ማረፊያ ያጣል፤ ያስመልሰዋል። ጠጠሩ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ተሰንቅሮ ሽንቱ ከበላዩ ስለሚጠራቀም ኩላሊቱ ይወጠራል። ይህን ማሸት አይፈታውም።

«ሽንቴ የቀላው ጣና ስዋኝ ቢልሃርዝያ ይዞኝ ነው።»

ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ። የጣና ቢልሃርዝያ የአንጀት ዓይነት ነው፤ ደም ቢያመጣም በሰገራ ነው። ሽንት የሚያደማው ሌላው ዓይነት በአገራችን የሚታወቀው እንደ አፋር ባሉ ቆላማ ቦታዎች ነው። ስለዚህ የቢልሃርዝያ ክኒን ውጦ ከመቀመጥ የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ ይሻላል። ሽንቱ ሳይቀላም ጠጠር ሊኖር ይችላል። ያለ ሕመም የሚወጣ ደም ደግሞ፣ በተለይ ዕድሜ ከገፋ፣ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት።

«ቢራ ወይም ብዙ ውሃ ጠጠሩን ገፍቶ ያወጣዋል።»

ሕመሙ በበረታበት ሰዓት በላዩ መጠጣት ጠጠሩን አያፈጥነውም፤ ውጥረቱን ሊጨምር ይችላል። ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይወጣል፤ ከ10 ሚሊሜትር የበለጠው ግን እምብዛም አይወጣም። የሚያስታግሰው እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ መድኃኒት ነው። ነፍሰ ጡር፣ ኩላሊቱ የደከመ ወይም የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው ግን ራሱ ገዝቶ እንዳይወስደው። የውሃው ጥቅም በኋላ ነው፤ ጠጠር ዳግም እንዳይፈጠር በቀን ከ2 ሊትር በላይ የሚያሸና ያህል መጠጣት።

«ሕመሙ ከተወኝ ጠጠሩ ወጥቷል።»

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ከዘጌ የመጣ አንድ የቡና ገበሬ ሌሊቱን ሲንፈራገጥ አድሮ ጠዋት ቀለለው፤ «ወጣልኝ» ብሎ ወደ ማሳው ሄደ። ማታ ብርድ ብርድ ብሎት ተንቀጠቀጠ፤ በማግስቱ በጀልባ ሲያደርሱት ትኩሳቱ ከ39 በላይ ነበር። አልትራሳውንዱ ያበጠ ኩላሊት አሳየ፤ ጠጠሩ አልወጣም፣ ከበላዩ የታሰረው ሽንት መግል ሆኗል። በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ብቻውን ስለማይበቃ ቱቦ ገብቶ መግሉ እንዲፈስ ተደረገ። ጠጠሩ ራሱ የወጣው ኢንፌክሽኑ ከጠፋ በኋላ ነው። ሌሊቱን ትኩሳት እንደጀመረው ቢነሳ ኖሮ ብዙ ሰዓት ያተርፍ ነበር።

ስለዚህ ሕመሙ ቢቀልም እንኳ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለ፣ ሽንት ከቆመ፣ ትውከቱ መድኃኒት ካላሳደረ፣ ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ሰውየው ያለው አንድ ኩላሊት ብቻ ከሆነ፣ ሳይነጋ እንደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የወር አበባዋ የዘገየባት፣ ዘር ፍሬው ያበጠ ወጣት፣ ወይም ከ60 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያመመው ሰውም እንዲሁ፤ የእነሱ ሕመም ጠጠር ላይሆን ይችላል፤ የተጠማዘዘ ዘር ፍሬ ደግሞ የሚድነው በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከተደረሰለት ነው።