ቀን የሌለው ርዕስ፦ ስለ ዜና ትንታኔ ቪዲዮዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ የዜና ትንታኔ ሠርተው ዩቲዩብ ላይ ከሚጭኑ ወጣቶች አፍ ደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች አሉ። አብዛኞቹ ርዕስን፣ መግለጫንና ቀንን የሚመለከቱ ናቸው።

«ዩቲዩብ የተጫነበትን ቀን ራሱ ያሳያል፤ እኔ ለምን እጽፋለሁ?»

የሚያሳየው ቪዲዮው የወጣበትን ቀን ብቻ ነው። ትንታኔ ግን ሦስት ቀኖች አሉት፤ ጉዳዩ የተፈጸመበት፣ ውይይቱ የተቀረጸበትና ቪዲዮው የወጣበት። ማክሰኞ ተቀርጾ ዓርብ የወጣ ውይይት ውስጥ ተናጋሪው «ትናንት» ካለ ሰኞን ማለቱ ነው፤ ተመልካቹ ግን ሐሙስ ይመስለዋል። ሊንኩ በቴሌግራም ሲዘዋወር ደግሞ ከምስሉ ጋር ጎልቶ የሚታየው ርዕሱ ነው፤ የወጣበት ቀን እዚያ የለም። «ዛሬ» የሚል ርዕስ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ግሩፕ ውስጥ ሲወድቅ እንደ አዲስ ዜና ሰው ያስደነግጣል። ይዘቱ አንድም ውሸት ባይኖርበት እንኳ ርዕሱ ውሸት ሆኗል።

«2012 ብዬ ከጻፍኩ ሁሉም ይገባዋል።»

እዚሁ ላለነው ይገባን ይሆናል። ውጭ ያደገ የወገን ልጅና የፍለጋ ሞተር ግን የፈረንጆቹን 2012 ሊረዱ ይችላሉ። ሐዋሳን በቅርብ የሚነካ ምሳሌ ልውሰድ። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው ህዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 20 ቀን 2019። ሲዳማ ክልል የሆነው በሰኔ 2012 ነው፤ ያ ደግሞ 2020 ላይ ያርፋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሚደመር፣ ያው አንድ 2012 በሁለት የፈረንጅ ዓመታት ላይ ተዘርግቷል።

ቀኑም ይንሸራተታል። ህዳር 10 ቀን 2017 የዋለው ኖቬምበር 19 ነው እንጂ ኖቬምበር 20 አይደለም። ምክንያቱ ጳጉሜን ናት፤ 2011 ጳጉሜን 6 ስለነበራት 2012 የገባው ሴፕቴምበር 12 ላይ ሲሆን፣ 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ላይ ገብቷል። ያለፈውን ዓመት መግለጫ ገልብጦ ዓመቱን ብቻ የሚቀይር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በአምስተኛው ዓመት ስለዚያ ሕዝበ ውሳኔ የሚሠራ ትንታኔ ርዕሱ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፦

«የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ከ5 ዓመት በኋላ፦ ምን ተለወጠ? ትንታኔ፣ ህዳር 2017»

ዩቲዩብ ለርዕስ 100 ፊደል ይፈቅዳል፤ ስልክ ላይ መጨረሻው ስለሚቆረጥ ጉዳዩ ይቅደም። ከመግለጫውም ሳይከፈት የሚታየው መጀመሪያው ብቻ ነውና ቀኖቹ እዚያ ይቀመጡ፦

«ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው፦ ህዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. (ኖቬምበር 20 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.)
ውይይቱ የተቀረጸው፦ ህዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. (ኖቬምበር 17 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.)»

«ሰበር ያላልኩት ቪዲዮ አይታይም።»

ትንታኔ በባሕርዩ ከዜናው በኋላ የሚመጣ ነው፤ ሰበር ሊሆን አይችልም። «ያልተጠበቀው ውጤት!» ማለትም ቢሆን አስረጅ ይፈልጋል፤ በዚያ ሕዝበ ውሳኔ 98.51 በመቶው ክልልነትን መደገፉ ሲገለጽ ብዙ ሰው አልተገረመም። ጠቅ ማድረግ ብቻውን ደግሞ ብዙ አይጠቅምም። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች እስከ ስንተኛው ደቂቃ እንደቆየ የሚያሳይ ግራፍ አለ፤ በመጀመሪያዎቹ 30 ሴኮንዶች መስመሩ ቁልቁል ከወረደ፣ አንዱ የተለመደ ምክንያት ርዕሱ ቃል የገባው ነገር ውስጡ አለመገኘቱ ነው። አሳሳች ርዕስና የሽፋን ምስል የዩቲዩብን ደንብም ይጥሳሉ፤ ቪዲዮው ሊነሳ ይችላል።

ከአጋኖ ቃል ይልቅ የተናገረውን አካል መጻፍ ይበልጣል። «ተረጋገጠ» የሚባለው አረጋጋጩ ሲታወቅ ነው፤ ካልታወቀ «እገሌ እንዳለው» ይባል፤ የራስ አስተያየት ከሆነም «ትንታኔ» የሚለው ቃል ርዕሱ ላይ ይታይ።

«ታግ በበዛ ቁጥር ተመልካች ይበዛል።»

ዩቲዩብ ራሱ ታግ ለመገኘት ያለው ድርሻ ትንሽ እንደሆነ ይናገራል፤ የሚጠቅመው በተለይ ሰዎች አጻጻፉን ለሚሳሳቱት ስም ነው። «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ» እና «አዋሳ» የሚሉትን ማስገባት በቂ ነው። ቪዲዮው ውስጥ ስሙ ያልተነሳን ባለሥልጣን ታግ ማድረግ ማሳሳት ነው።

«ስህተት ከተገኘ ርዕሱን ቀይሬ ዝም እላለሁ።»

የተቀየረው ርዕስ ቀድሞ ወዳዩት ሰዎች አይሄድም፤ በቴሌግራም የተላከውም የድሮውን ርዕስ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ማረሚያው በመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ላይ ከነቀኑ ይጻፍ፦ «እርማት፣ ህዳር 12 ቀን 2017፦ በ4:10 ላይ የተጠቀሰው ቀን ህዳር 10 መሆን አለበት።» ያንኑ አስተያየት መስጫው ላይ ከላይ መሰካት ይቻላል። የሽፋን ምስሉንም ማየት አይረሳ፤ ርዕሱ ታርሞ ምስሉ ላይ የተጻፈው የተሳሳተ ቀን ሳይነካ የቀረባቸው ቪዲዮዎች ብዙ ናቸው።