የዲፌንስ ጥያቄ ከአብስትራክቱ ይጀምራል፦ ስለ ሊሚቴሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኤግዛሚነሩ ምን እንደሚጠይቅ ማን ያውቃል? የዕድል ጉዳይ ነው።»

ብዙው ጥያቄ አብስትራክቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ኤክስተርናሉ ሙሉውን ጥራዝ ላያነብ ይችላል፤ ያቺን አንድ ገጽ ግን እስክሪብቶ ይዞ ነው የሚያነባት። ስለዚህ ማታ የድሬ ሙቀት በረድ ሲል እናንተም እንደሱ አንብቧት።

አንድ አብስትራክት ለምሳሌ ፈጥረን እንሞክረው። በድሬዳዋ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ክትትል ያላቸው የደም ግፊት ታካሚዎች መድኃኒታቸውን በአግባቡ ይወስዱ እንደሆነ የሚያይ ክሮስ ሴክሽናል ጥናት ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የየጤና ጣቢያው ነርሶች 405 ታካሚዎችን ጠየቁ። 40 በመቶው በአግባቡ እንደማይወስዱ ተናገሩ። ማጠቃለያው «ጫት መቃም መድኃኒት በአግባቡ አለመውሰድን ያስከትላል» ይላል።

«ክትትል ያላቸው» የሚለው ላይ ቁሙ። መድኃኒቱን ትቶ ከነጭራሹ የቀረ ሰው ጤና ጣቢያ አይገኝም፤ ጥናቱ ውስጥም የለም። የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄው ነው። «ነርሶች» የሚለው ሁለተኛውን ያመጣል። መድኃኒት እንድትወስድ በየወሩ የምትመክርህን ሲስተር ፊት ለፊት «አልወሰድኩም» ማለት ይከብዳል።

«መጋቢት 2016» ደግሞ ድሬን የሚያውቅ ፈታኝ አያልፋትም። በዚያ ዓመት ረመዳንም ዐቢይ ጾምም የገቡት መጋቢት 2 ቀን ነው። ቀን የሚወሰድ ኪኒን በጾም ወር ሰዓቱ ይዛባል። «በሌላ ወር ብትጠይቁ ያው ቁጥር ይመጣ ነበር?» ይላችኋል። መልሱ «አላውቅም፤ ቁጥሩ የጾም ወር ቁጥር ነው» ከሆነ ጥሩ መልስ ነው። ግን ቀድሞ ጽሑፉ ላይ መኖር አለበት።

የመጨረሻዋ «ያስከትላል» ናት። ክሮስ ሴክሽናል ጥናት ጫቱንም መድኃኒቱንም በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቅ የቱ እንደቀደመ አያሳይም። እኔ ፈታኝ ብሆን በዚህች ግስ እጀምር ነበር።

«ጊዜና በጀት አጥሮኝ ነው ካልኩ ይበቃል።»

ጊዜና በጀት ማንም ተማሪ አይተርፈውም፤ ስለዚህ ይህ መልስ ስለ ጥናቱ ምንም አይናገርም። ፈታኙ ማወቅ የሚፈልገው ድክመቱ ውጤቱን ወደየት እንደገፋው ነው። «እና ቁጥሩን ከፍ አደረገው ወይስ ዝቅ?» የምትለዋ ተከታይ ጥያቄ ናት ብዙውን ሰው የምታስደነግጠው።

በምሳሌያችን እንመልሳት። የቀሩት ሰዎች አልተጠየቁም፤ ይህ 40ን ዝቅ ያደርገዋል። ነርሷን ያፈሩት «እወስዳለሁ» ብለዋል፤ ይህም ዝቅ ያደርገዋል። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ስለሚገፉ «እውነተኛው ቁጥር ከ40 በመቶ ሳይበልጥ አይቀርም» ማለት ይቻላል። የጾሙ ነገር ግን ወደየት እንደገፋ አይታወቅም፤ እሱን እንዳለ ተናግሮ ማለፍ ነው። ለእያንዳንዱ ድክመት እንዲህ ሦስት ነገር ያዙ፦ ምን እንደሆነ፣ ወደየት እንደገፋ፣ ለመቀነስ ምን እንዳደረጋችሁ። ምንም ካላደረጋችሁ ቀጣይ ጥናት ምን ማድረግ እንዳለበት ተናገሩ፤ ለምሳሌ ጠያቂዎቹን ከሌላ ተቋም ማምጣት።

«ሳምፕሌ በፎርሙላ የተሰላ 422 ነው፤ እሱ ላይ ጥያቄ የለም።»

ይህን ቁጥር የማያውቅ የጤና ተማሪ የለም። 50 በመቶ ግምት፣ 5 በመቶ የስህተት ህዳግ፣ 95 በመቶ የእርግጠኝነት ደረጃ፤ 384 ይመጣል። 10 በመቶ ሲጨመርበት 422። ከዚያ 405ቱ መለሱ እንበል።

ግን ፎርሙላው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከመቶ ስንቱ? ቃሚን ካልቃመ ለማወዳደር አልተሰላም። አብስትራክቱ የጫቱን ኦድስ ሬሾ 2.1 (ከ1.03 እስከ 4.29) ብሎ ቢያስቀምጥ ፈታኙ ቅንፉን ነው የሚያየው። ታችኛው ጫፍ 1ን ለጥቂት ነው የሳተው፤ ላይኛው ከአራት ያልፋል። ክፍተቱ ይህን ያህል ከሰፋ ቃሚዎቹ ጥቂት ሳይሆኑ አይቀሩም። «ስንት ቃሚ ነበር?» ሲባል ቁጥሩ አፋችሁ ላይ ይሁን።

«ድክመቴን ካመንኩ ራሴን ጣልኩ ማለት ነው።»

የሚጥለው ሊሚቴሽኑ ሌላ፣ ማጠቃለያው ሌላ ሲናገር ነው። ምዕራፍ አምስት ላይ «መንስኤውን ማወቅ አይቻልም» ብሎ አብስትራክቱ ላይ «ያስከትላል» የሚል ተማሪ ራሱን ነው የሚቃረነው። «ያስከትላል»ን «ጋር ተያያዥነት አለው» በሚለው መተካት ደቂቃ አይፈጅም። ጥራዙ ቀድሞ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ስላይዱ ላይ አርሙትና ፈታኙ ሳያነሳው ራሳችሁ ንገሩት።